ጉዳዩ፦ የድሬዳዋ መጋዘን ቀዝቃዛ ክፍል ቼንጅኦቨር፣ እስከ ግንቦት 24 ውሳኔዎን ስለመጠየቅ

ለ፦ አቶ መስፍን
ግልባጭ፦ ወይዘሮ ሐናን

ጤና ይስጥልኝ አቶ መስፍን፣

ይህን የምጽፍልዎ ከወይዘሮ ሐናን ጋር ተመካክረን ነው። ረቂቁን ትናንት አንብበው የእሳቸው ሐሳብ በትክክል እንዲሰፍር ሁለት ቦታ ላይ አስተካክለውልኛል። አዲስ ቼንጅኦቨር ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ እሳቸው ሊፈቅዱ ከሚችሉት በላይ ስለሆነ፣ በጊዜው ላይም ስላልተስማማን፣ ውሳኔው የእርስዎ ይሁን ብለናል።

የጄኔሬተሩ አውቶማቲክ ቼንጅኦቨር ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ አይሠራም። መብራት ሲጠፋ ጥበቃው ባትሪውን ይዞ ሄዶ ጄኔሬተሩን በእጁ ያስነሳል፣ ማዞሪያውንም ራሱ ያዞራል። ባለፈው ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ሲጠፋ ጥበቃው በር ላይ ከጅቡቲ የመጣ መኪና እያስገባ ነበር። ጄኔሬተሩ የተነሳው ከ50 ደቂቃ በኋላ ነው። የግንቦት ሌሊት በድሬ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ጠዋት መዝገቡን ሳይ ክፍሉ 7.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ነው። የተበላሸ ነገር የለም፤ ግን ለጥቂት ነው የተረፍነው። ጥበቃውም ጥፋት የለበትም፣ ሁለት ቦታ መቆም አይችልም።

ወይዘሮ ሐናን በማግስቱ ከራሳቸው በጀት ለሌሊት አንድ ኦፕሬተር መድበዋል። ይህ ችግሩን አቅልሎልናል፣ አልፈታውም።

የምንለያይበት ይህ ነው። እሳቸው ጄኔሬተሩ ራሱ በሐምሌ በአዲሱ በጀት ስለሚቀየር፣ ለአሮጌው 385 ሺህ ብር ማውጣት ብክነት ነው ይላሉ። የቀረውን ገንዘብም ለመኪና ጎማ ይዘውታል፣ ጎማውም እውነትም አልቋል። እኔ ደግሞ ቼንጅኦቨሩ በአምፔር እስከቻለ ድረስ ለአዲሱም ጄኔሬተር ያገለግላል እላለሁ። ስለዚህ አሁን ብንገዛው ከሐምሌው ወጪ ላይ ይቀነሳል። ይህን ከኤሌክትሪሻኑ ጋር አረጋግጫለሁ፤ ወይዘሮ ሐናንም የአዲሱ ጄኔሬተር አቅም በጽሑፍ ሳይታወቅ ማመን ይከብደኛል ብለዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ያለው ግን እናንተ ጋ አዲስ አበባ ግዥ ክፍል ነው።

ሦስቱን ፕሮፎርማ፣ የሐሙስን የሙቀት መዝገብና የወይዘሮ ሐናንን ማስታወሻ አያይዣለሁ። ዝቅተኛው ፕሮፎርማ የሚያበቃው ግንቦት 25 ስለሆነ፣ እስከ 24 ድረስ «ይገዛ» ወይም «ሐምሌን ይጠብቅ» ቢሉን በቂ ነው። ሐምሌን ይጠብቅ ከተባለ የሌሊት ኦፕሬተሩ እስከዚያ እንዲቀጥል ቢፈቅዱልን ሁለታችንም እንስማማለን።

መነጋገር ከፈለጉ ነገ ከሰዓት ሁለታችንም ቢሮ ነን፤ አብረን ብናነጋግርዎ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጀማል
የቀዝቃዛ ክፍል ቴክኒሻን፣ ድሬዳዋ