ጠጋ በሉ

ስሞቹን ቆርጬ የጨረስኩት እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። 57 ተማሪ፣ 19 ዴስክ። ሦስት ሦስት ሲሆኑ ልክክ ይላል።

«እንደፈለጋችሁ ተቀመጡ» ማለት እችል ነበር። አምና ያልኩት እንደዚያ ነው። ጓደኛ ያለው ወደ ጓደኛው ሮጠ። ጓደኛ የሌለው ቦርሳውን አቅፎ ግድግዳው ጋ ቀረ። ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ዘንድሮ የአምናዋን አስተማሪያቸውን ስለ እያንዳንዱ ልጅ ጠየቅኋት። በግራ እጁ የሚጽፈው ናትናኤል በግራ ጫፍ ይቀመጣል፤ ክርኑ ከማንም ጋር አይጋጭም። ዓይኗ የሚያስቸግራት ሶልያና ከፊት። ክፍል የደገሙት ሁለቱ ልጆች ኋላ አይጣሉም። አዲስ ገቢ ደግሞ ሁልጊዜ በዴስኩ መሃል። ዳር ያለ ልጅ ጎረቤቱ አንድ ነው፤ መሃል ያለ ግን ሁለት አለው።

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ 3ኛ «ለ» ሁሉም ስሙን እያነበበ ቦታውን ያዘ። ጠረጴዛዬ ላይ አንዷ ያመጣችው አደይ አበባ ነበር። ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ በመስኮት ይገባል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

በሩ ተንኳኳ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። ከጀርባው አንዲት ልጅ አለች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ አርፍደንብሽ ነው። አስቴር ትባላለች፤ የእህቴ ልጅ ናት። ከአለታ ወንዶ ትናንት ማታ ነው የገባችው። ቢሮ አስመዝግቤያታለሁ። አማርኛው ግን ገና ነው።»

58።

ልጆቹ ዞረው አዩዋት። እሷ የዩኒፎርሟን እጅጌ ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ ትጠቀልላለች። አዲስ ስለሆነ መዳፏን ሸፍኗታል።

መጀመሪያ የታየኝ የራሴ ወንበር ነው። በሩ አጠገብ ላደርግላት እጄን ዘርግቼ ሁሉ ነበር። ከዚያ ግን ትዝ አለኝ። እኔም በእሷ ዕድሜ ትምህርት ቤት ቀይሬ በር ጋ ተጨማሪ ወንበር ተሰጥቶኝ ያውቃል። እስከ ሰኔ ድረስ ስሜ «የበሯ» ነበር። ወንበሩን ተውኩት።

«ማን ጋ ትቀመጥ?» ልልም አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። አንድ ልጅ ፊት አቁሞ «ማን ይወስዳታል?» ማለት ጭካኔ ነው። መልሱ እስኪመጣ ያለውን ዝምታ የምትሰማው እሷ ናት።

«ሁላችሁም ተነሱ!» አልኩ። «ቦርሳችሁን ይዛችሁ ግድግዳውን ተጠጉ።»

ግር አላቸው። «ቲቸር፣ ስማችን ተለጥፎ የለ?» አለ አንዱ።

«እንደገና ነው የምንቀመጠው።»

ዴስኮቹ ባዶ ሆኑ። 58 ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አሁን ዘግይቶ የመጣው የቱ እንደሆነ ከበር ሆኖ የሚያይ ሰው አይለይም። እኔም ሌሊቱን የለፋሁበትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ስም መጥራት ጀመርኩ። አስቴርን መጀመሪያ አልጠራኋትም፤ ሁሉም ያፈጥባታል። መጨረሻም አላደረግኋት። ስድስተኛ ላይ ጠራኋት። ከፊት ሁለተኛው ዴስክ ላይ ትንንሾቹን ሦስቱን አስቀምጫለሁ። ከመካከላቸው ብሩክ አለ፤ ቤታቸው ሲዳምኛም አማርኛም ይነገራል።

«እዚህ አራት ናችሁ» አልኩ።

ሦስቱ ተያዩ። ዴስኩ ለሦስት የተሠራ መሆኑን ያውቃሉ። ብሩክ ግን የታክሲ ረዳት ድምፅ አውጥቶ፣ «ጠጋ በሉ! ጠጋ ጠጋ! አንድ ሰው ነው!» አለ።

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ጓደኞቹ በግራና በቀኝ ተንሸራተቱ። አስቴር ምን እንደተባለ አልገባትም። የተከፈተላትን ቦታ ግን አየች። መሃል ገባች። ብሩክ በሲዳምኛ አንድ ነገር አንሾካሾከላት፤ ምን እንዳላት አልሰማሁም። እጅጌዋን መጠቅለል ተወች።

አራት ሆኖ መጻፍ ቀላል አይደለም። ደብተራቸውን ጠመም አድርገው፣ ክርናቸውን ሰብስበው ነው የጻፉት። በእረፍት ሰዓት ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄጄ ተጨማሪ ዴስክ ጠየቅሁ፤ «እስከ መስቀል ታገሽ» አሉኝ።

ማክሰኞ አስቴር ቀድማ መጥታ ዳር ላይ ተቀምጣለች። ብሩክ እየሮጠ ገብቶ አጠገቧ ቆመ። ቀና ብላ አየችው፤ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳበች፤ ወደ መሃል ተንሸራተተች።

«ጠጋ በሉ» አለች፤ ብቻዋን ሆና።