የ2016 ዓ.ም. የግብር ማስታወቂያ የማቅረቢያ ጊዜ እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ገቢዎች ቢሮ
የየካ ክፍለ ከተማ ቅርንጫፍ ጽ/ቤት
አዲስ አበባ

እኔ አመልካች ሰናይት ተፈራ በመገናኛ አካባቢ የግንባታ ዕቃ በችርቻሮ የምሸጥ የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ነኝ። የ2016 የግብር ዓመት ማስታወቂያዬን እስከ ጥቅምት 30 ማቅረብ አለብኝ። በባለቤቴ ሕመም ምክንያት በተባለው ቀን መድረስ ስለማልችል፣ ቀኑ ሳያልፍ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት እስከ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. እንዲራዘምልኝ አመለክታለሁ።

ባለቤቴ መስከረም 22 ቀን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፣ ንግግሩም ገና አልተመለሰም። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥቶ አሁን ተኝቶ እየታከመ ነው። ልጆቻችን ትንንሾች ስለሆኑ የማስታምመው እኔው ነኝ።

ንግድ ፈቃዱ በስሜ ቢሆንም ዕቃ የሚገዛውም ወጪውን የሚይዘውም እሱ ነበር። የሽያጩ በኩል ብዙም አያስቸግርም። የካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርት አለ፣ የየወሩ የቫት ማስታወቂያም ሳይቋረጥ ቀርቧል። ያስቸገረን የግዢና የወጪ ደረሰኝ ነው። በሁለት ካርቶን ታጭቆ የተገኘው ደረሰኝ በወር አልተለየም። አንዳንዱ ጽሑፉ ደብዝዞ ቁጥሩ በግድ ነው የሚነበበው፤ ከሻጮቹ ቅጂ ማምጣት አለብን። የትኛው ወጪ የሱቁ፣ የትኛው የቤት እንደሆነ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። ደረሰኙን አልጋው ድረስ ወስጄ ሳሳየው በግራ እጁ ይለይልኛል፤ ግን ቶሎ ይደክመዋል፣ ሐኪሙም እንዳናጨናንቀው አዞናል።

የሂሳብ ባለሙያችን ባለው ማስረጃ ብቻ ዘግተን እናስገባ ብሎኝ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ያላመንኩበትን ሂሳብ ፈርሜ አስገብቼ በኋላ ኦዲት ሲመጣ ከመጨቃጨቅ፣ ዛሬ ጊዜ መጠየቅ ይሻላል ብዬ ነው።

የማስታወቂያው ጊዜ ቢራዘምም የክፍያው ቀን እንደማይራዘም አውቃለሁ። ስለዚህ ባለሙያው በግምት ያወጣውን 86,000 ብር እስከ ጥቅምት 30 ገቢ ለማድረግ ዝግጁ ስለሆንኩ የክፍያ ማዘዣ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ሂሳቡ ሲዘጋ ልዩነት ከመጣ ከነወለዱ እከፍላለሁ።

የሐኪም ማስረጃ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ቅጂ በ6 ገጽ አያይዣለሁ። ቀን ቀን ሆስፒታል ስለምውል ውሳኔው በጽሑፍ ሲወጣ ለሂሳብ ባለሙያዬ ቢሰጥልኝ፤ ውክልናው ፋይሌ ውስጥ አለ። ለእኔም ፋይሌ ላይ ባለው ስልክ ቢደወል አነሳለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ሰናይት ተፈራ
(ፊርማ)