እሮብ ማክሰኞ መስሏት

መኪናው መጥቶ የሄደው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ባለሱቋ ሰዓቱን ያወቀችው በኋላ፣ ስልኳ ላይ የተደረደሩትን ያልተነሱ ጥሪዎች ስታይ ነው። አራት ናቸው። የመጀመሪያው 3፡05፣ የመጨረሻው 3፡20። ስልኩ ከመደርደሪያው ሥር ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ ሱቁ ተቆልፎ፣ እሷ ደግሞ ለመስታወት ሣጥኑ የጠፋውን ቁልፍ ልታስቀርጽ ሁለት ሰፈር ተሻግራ ሄዳ ነበር።

ስትመለስ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣

«ሰዎችሽ መጥተው ነበር» አሏት።

«የትኞቹ ሰዎች ጋሼ?»

«ካርቶን የጫኑት። ሾፌሩ በርሽን ሲደበድብ ቆየና ተናዶ ሄደ።»

«እንዴ፣ እነሱማ ነገ ነው የሚመጡት።»

«ነገ ሐሙስ?»

«ምን ሐሙስ፣ እሮብ እንጂ።»

ሽማግሌው መቀሱን አስቀመጡና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ። «አንቺ ልጅ» አሉ፤ አርባ አምስት ዓመት ቢሞላትም ለእሳቸው ልጅ ናት፤ «ዛሬ ነው እሮብ።»

ቀጠሮውን አልረሳችውም ነበር። እሮብ ጠዋት እንደሚመጡ ከሾፌሩ እኩል ታውቃለች። የጠፋባት ቀኑ ነው። ሰኞ ሱቁን አልከፈተችም፤ እሑድ ሌሊት ጣሪያው አፍስሶ ቀኑን ሙሉ የረጠበ ወረቀት ስትለይ፣ ካርቶን ከወለል ስታነሳ፣ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ስትለምን ዋለች። ማክሰኞ ሱቋን ስትከፍት እንደ ሁልጊዜው የሳምንቱን መጀመሪያ ሥራ ሠራች፤ መደርደሪያ ወለወለች፣ ያለቀውን ቆጠረች። እጇ የሰኞን ሥራ ስለሠራ ልቧም ሰኞ ነው አላት። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርታ ነበር የምትኖረው።

ለሾፌሩ ደወለችለት።

«እህቴ፣ ሩብ ሰዓት ቆሜልሻለሁ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣው አልፎ ድካሙ ነው የቀረው። «መንገድ ዘግቼ ነው የቆምኩት፤ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል። አሁን አራተኛ ደንበኛ ጋ ነኝ።»

«ስትመለስ በዚህ በኩል ብታልፍ?»

«በዚያ በኩል አልመለስም። የሰው ዕቃ ይዤ የትም አልዞርም፤ ማታ ወደ መጋዘን ይገባል። በናንተ በኩል የምመጣው በ15 ቀን ነው። ካልቸኮልሽ ያኔ፣ ከቸኮልሽ ራስሽ መጥተሽ ውሰጂ።»

ቸኩላለች። መኪናው ላይ የነበረው 600 ባለ 50 ቅጠል ደብተር፣ 200 ሰማያዊ እስክሪብቶና ሁለት ካርቶን ላጲስ የሱቁ ብቻ አልነበረም። ደብተሩንና እስክሪብቶውን አንድ ትምህርት ቤት አዟል፤ ቀብድም ከፍሏል። መምህሯ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ መጥታ ልትረከብ ተስማምተዋል። ልጆቹ የሚገቡት ሰኞ ነው። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ያዘዘ ደንበኛ ሱቁን ከከፈተች ጀምሮ አላጋጠማትም።

መጋዘኑ ደግሞ የተመለሰ ዕቃ እንደገና ተቆጥሮ ሳይመዘገብ አይለቅም። ዓርብ ነይ አሏት።

መምህሯ ሐሙስ በሰዓቷ መጣች። ባለሱቋ ሌሊቱን ስታዘጋጀው ያደረችውን ንግግር ገና ሳትጀምር ባዶውን መደርደሪያ አየችው።

«አልደረሰም እትዬ?»

«ዓርብ ከሰዓት ይገባል። ቅዳሜ እኔው ራሴ አመጣልሻለሁ።»

መምህሯ ጥቂት አሰበች። «እኔ በበኩሌ ምንም አልልም ነበር» አለች ቀስ ብላ፤ «ግን አለቃዬ ዛሬውኑ ይዘሽ ነይ ብሎኛል። ዓርብም ባይመጣስ?» ቀብዱን ስትቀበል ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀች። ባለሱቋ ብትጮህባት ይሻላት ነበር። አጥፊዋ እሷ፣ ይቅርታ ጠያቂዋ ሌላ ሰው፤ ይህ ነገር ሌሊቱን ሁሉ አንገበገባት።

ዓርብ መኪና ተከራይታ ዕቃውን አመጣች። 600 ደብተር እስከ ጣሪያው ተደርድሮ፣ የሚረከበው የሌለው፣ የመስኮቱን ብርሃን ጋረደባት።

ማታ ሱቁን ከዘጋች በኋላ ከአንዱ ካርቶን ክዳኑን ቀደደች፤ በምትሸጠው ማስመሪያ በምትሸጠው እስክሪብቶ ሰባት ዓምድ አሰመረች። በየዓመቱ መጨረሻ ስንት የቀን መቁጠሪያና ስንት አጀንዳ እንደምትሸጥ ትዝ ብሏት ብቻዋን ሳቀች። ለራሷ አንድም አስቀርታ አታውቅም። «ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ አለ» ነበር የምትለው። እውነቷን ነው፣ ነበር። ችግሩ፣ ጭንቅላቷ የያዘውን ነገር የሚያነሣላት ባሰኘው ሰዓት ነው፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ላጲስ ማለቁን ያስታውሳታል፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ግን ዝም ይላል።

የመጀመሪያዋ ዕቅድ ማለፊያ ነበረች፤ ለማየት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት አንድ ባዶ መስመር የላትም። 2 ሰዓት ጽዳት፣ 2፡30 ቆጠራ፣ 3 ሰዓት የዱቤ መዝገብ፣ 3፡30 ለአከፋፋይ መደወል፣ እንዲህ እያለች እስከ ምሽት። ሰኞ 3 ሰዓት ላይ መዝገቡን ስትገልጥ አንድ ትንሽ ልጅ መቅረጫ ሊገዛ ገባ። ቀዩን አየ፣ አረንጓዴውን አየ፣ ቀዩን እንደገና አየ። ወጥቶ እናቱን ጠይቆ ተመለሰ። አረንጓዴውን ገዛ። ከዚያ ቀዩን ይዤ ልለውጥ ብሎ መጣ። 4 ሰዓት ሲሆን ዕቅዷ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል። ማክሰኞ ካርቶኑን ወደ ግድግዳው ገለበጠችው፤ ማየቱ ራሱ አስጠላት።

ከሰዓት ከሰዓት የምታግዛት የእህቷ ልጅ ናት ዘወር አድርጋ ያየችው።

«አክስቴ፣ እኔ የታለሁ?»

«የት ላይ?»

«እዚህ ላይ። ከትምህርት ቤት የምመጣው 9 ሰዓት ነው፤ ዓርብ ደግሞ አልመጣም። አንቺ 7 ሰዓት ላይ ዕቃ ልታመጪ ትወጫለሽ ይላል። ሱቁን ማን ሊጠብቀው ነው?»

ባለሱቋ ካርቶኑን ተቀብላ አየችው። የራሷን ሥራ ሁሉ ጽፋለች። ከእሷ ውጭ ያለ ሰው አንድም አልነበረበትም። የመኪናው ሰዓት የለም፣ የልጅቷ ሰዓት የለም፣ ሱቅ ከፍቶ የሚቀመጥን ሰው ቀን የሚወስደው ገበያተኛም የለም።

ሌላ ክዳን ቀደደች።

ይህኛውን በሌሎች ጀመረችው። በእሷ ፈቃድ የማይንቀሳቀሰውን ብቻ በእስክሪብቶ ጻፈች፤ መኪናው በየ15 ቀኑ እሮብ 3 ሰዓት፣ ልጅቷ ከ9 ሰዓት በኋላ፣ የሱቁ ኪራይ የሚከፈልበት ቀን። የራሷን በእርሳስ አደረገችው፣ እሱም ጥቂቱን። ከሱቅ የሚያስወጣ ነገር ሁሉ፣ ቁልፍ ማስቀረጽም ቢሆን፣ ልጅቷ ባለችበት ሰዓት ገባ። ቆጠራ ሐሙስ ማታ ከተዘጋ በኋላ። ጠዋት ጠዋቱን ባዶ ተወችው። ባዶውን ቦታ ስታየው እጇ ሊጽፍበት ይዳዳው ነበር፤ የመቅረጫውን ልጅ እያስታወሰች ተወችው። በመጨረሻ ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ «ለሾፌሩ ደውዪ» ብላ ለራሷ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ካርቶኑን መጀመሪያ ከመሳቢያ አስገባችው። ከዚያ አውጥታ በሩ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ልክ ከመቀርቀሪያው በላይ በሚስማር መታችው። እሱን ሳታይ መውጣት አትችልም። ማታ ስትዘጋ የዕለቱን ቀን በቀይ ትሰርዛለች። ልጅነት ይመስላል፤ ያልተሰረዘው የመጀመሪያው ቀን ዛሬ ነው፣ ሌላ ስሌት የለውም። የሱቁን ትርፍ ቁልፍ ደግሞ ለልብስ ሰፊው ሰጠቻቸው።

«ድንገት ባልኖር ያስወርዱልኝ ጋሼ።»

«እኔ ሰውየውን የት አውቀዋለሁ?»

«እሱ ያውቅዎታል። በሩን ሲደበድብ አይተውት የለ!»

ሁለተኛው ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ ደወለች። ሾፌሩ ቁጥሯን ሲያይ ሳይሆን አይቀርም፣ «አለቀልኝ» በሚል ድምፅ ነው ያነሳው።

«ነገ 3 ሰዓት እንዳልከው ነው?»

«እንኳንም ደወልሽ። ዛሬ ማታ ባራግፍልሽ ይቀለኛል፤ 1 ሰዓት ላይ እዚያው አካባቢ እሆናለሁ።»

ከዚህ በፊት ቢሆን እሺ ብላ ነበር የምትዘጋው፤ ከዚያ ነው የምታስበው። ወደ በሩ ዞረች። ማክሰኞ ከ12 ሰዓት ጀምሮ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ የልጅቷ ወላጆች ስብሰባ፣ እህቷ ስለማትችል እሷ ትሄዳለች።

«ዛሬ አይሆንልኝም» አለች። «ነገ ና።»

«3 ሰዓት ላልደርስ እችላለሁ።»

«እስከ 6 ሰዓት አለሁ።»

መስመሩ ላይ ዝምታ ሆነ። «እሺ» አለ በመጨረሻ፤ ትንሽ የገረመው ይመስላል።

እሮብ የደረሰው 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የተበላሸባት ነገር አልነበረም፤ ያ ጠዋት ከመኪናው ሌላ ምንም አልተጻፈበትም። ረዳቱ ካርቶን ተሸክሞ ሲገባ የደብተሩን ክምር አየና «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ለማን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ከ600ው 430 ቀርተዋል። «እያንዳንዱን ለአንድ ሰው» አለችውና ደረሰኙን ፈረመች።

ማታ እሮብን ስትሰርዝ ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ቁልፉን የያዙ ሰሞን መግባትና መውጣት አብዝተዋል። መነጽራቸውን አውርደው ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ቅዳሜ ሙሉ ልብስ የሚወስድ ሙሽራ አለብኝ» አሉ። «እስቲ እዚህ ጥግ ላይ ጻፊልኝ።»

«እዚህ ቦታ የለም ጋሼ።»

«ይሄ ሁሉ ባዶ እያለ?»

«እሱ ባዶ አይደለም» አለችና፣ ጠዋት ከገቡት ካርቶኖች የአንዱን ክዳን ቀደደችላቸው።