98 ያመጣውን ሞዴል ለምን አላስረከብንም?

ለሽያጭ፣ ለደንበኞች አገልግሎትና ለፋይናንስ ኃላፊዎች፦

ባለፈው ስብሰባ «ሞዴሉ ይሄዳሉ ካላቸው 100 ደንበኞች 98ቱ ከሄዱ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብላችሁን ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ያለ ምንም ቀመር ልመልስ።

ሞዴሉ የተሠራው በሚቀጥለው ወር ውላቸውን ሊያቋርጡ የሚችሉ ደንበኞችን እንዲጠቁመን ነው። የሚማረው ካለፉ መዝገቦች ነው። የሄዱትንና የቆዩትን እያነጻጸረ ልዩነታቸውን ራሱ ይፈልጋል። ያገኘው ልዩነት ለእኛ ይጠቅም አይጠቅም አያውቅም። ውጤቱን ካሳመረለት ይይዘዋል።

98 የሚለውን ስናይ ጠረጠርን። የሰው ውሳኔ እንዲህ በቀላሉ አይገመትም። ስለዚህ ሞዴሉ በብዛት የተደገፈበትን መረጃ ፈለግን፤ «የመጨረሻ ሂሳብ የተዘጋበት ቀን» የሚለው ዓምድ ሆኖ ተገኘ። ይህ ዓምድ የሚሞላው ደንበኛው ውሉን ካቋረጠ በኋላ ነው። የቆዩት ደንበኞች ጋ ባዶ ነው። ሞዴሉም ቀኑ ተሞልቶ ሲያገኝ «ይሄዳል»፣ ባዶ ሲያገኝ «ይቆያል» ይላል። አለቀ። ይህ ትንበያ ሳይሆን የሆነውን መልሶ መንገር ነው።

ሥራ ላይ ብናውለው ምን ይፈጠር ነበር? ዛሬ አብረውን ያሉት ደንበኞች ሁሉ ዓምዱ ላይ ቀን የላቸውም። ስለዚህ ነገ ሊሄድ የተነሳውን ሰው ጭምር «ይቆያል» ይለን ነበር። የደንበኞች አገልግሎትም ለማንም አይደውልም።

ለፈተና ለብቻ ያስቀመጥነው መዝገብስ ለምን አላጋለጠውም? እሱም የተቀዳው ከዚያው ሠንጠረዥ ስለሆነ ነው። ያው ዓምድ እዚያም አለ። አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱ ቁጥሩን ያሳምራል እንጂ አያበላሽም።

ባለሙያዎች ይህን ዳታ ሊኬጅ፣ ማለትም የመረጃ መፍሰስ ይሉታል። (የደንበኛ ምስጢር ወጣ ማለት አይደለም፤ የደህንነት ክፍል አይደንግጥ።)

ከዚህ ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙልኝ። ማንም ሞዴል ሲያቀርብላችሁ፣ እኛም ብንሆን፣ «ይህ መረጃ ትንበያው በሚሰጥበት ቀን እጃችን ላይ ይኖራል?» በሉ። ለዚህ ጥያቄ ከእኛ ይልቅ መልሱ ያለው እናንተ ጋ ነው። የትኛው ቅጽ መቼ እንደሚሞላ የሚያውቀው የሚሞላው ሰው ነው። ለምሳሌ «የስልክ ጥሪ ብዛት» የሚለው ምንም የማያስጠረጥር ይመስላል። ግን ደንበኛው ውሉን ለማቋረጥ የደወለውም አብሮ ከተቆጠረ ያው ጣጣ ነው።

ዓምዱን አውጥተን ሞዴሉን እንደገና ስናሠለጥነው 98ቱ ወደ 61 ወረደ። ስብሰባ ላይ አያምርም፤ ለሥራ ግን የሚጠቅመን ይኸኛው ነው። የቀሩት ዓምዶች 34 ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት አንድ በአንድ ስለምናያቸው ከየክፍላችሁ መዝገቡን በእጁ የሚሞላ አንድ ሰው ላኩልን። ኃላፊ መሆን የለበትም።

ከዳታ ቡድን