የቡድን ውይይት የነጥብ መስጫ መመዘኛ፦ 9ኛ ክፍል፣ ከ20 ነጥብ

ውድ ተማሪዎች፣

በሚቀጥለው ሳምንት የምንጀምረውን የቡድን ውይይት የማርመው በዚህ ወረቀት ነው። ቀድሜ የሰጠኋችሁ ሆን ብዬ ነው። ሰው በምን እንደሚመዘን ሳያውቅ መመዘን የለበትም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ሴሚስተር ነጥብ የሰጠሁት ስንት ጊዜ እንደተናገራችሁ ቆጥሬ ነበር። ሰው በተናገረ ቁጥር ስሙ ፊት ለፊት ጭረት አደርግ ነበር። አንድ ልጅ 11 ጭረት አገኘ፤ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ የተናገረችው 2 ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛው ንግግሯ ግን "ቆይ፣ ሁለታችሁ እኮ የምትሉት አንድ ነገር ነው" የሚል ነበር። ጭቅጭቁ እዚያው ረገበ። ቡድኑም ወደ ጥያቄው ተመለሰ። እሷ ያገኘችው ከ20 ውስጥ 7 ነው። ያ ማርክ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለዚህ ጭረት ቀርቷል። ከእንግዲህ የምጽፈው ያላችሁትን ነው።

አሠራሩ

40 ናችሁ፤ አምስት አምስት እየሆናችሁ 8 ቡድን ትሆናላችሁ። 8 ቡድን በአንዴ መስማት አልችልም። ስለዚህ በአንድ ክፍለ ጊዜ 2 ቡድን ብቻ፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ይወያያል። ሌሎቻችሁ በዚያው ጥያቄ ላይ በጽሑፍ ትሠራላችሁ። በ4 ክፍለ ጊዜ እንጨርሳለን። ኋላ የሚቀርበው ከፊተኛው እንዳይጠቀም ጥያቄው በየክፍለ ጊዜው ይቀየራል። ጥያቄያችሁን ከ2 ቀን በፊት ታገኛላችሁ።

መስፈርቶቹ 4 ናቸው። ሦስቱ የእያንዳንዳችሁ፣ አንዱ የቡድኑ ነው። ሁሉም ከ1 እስከ 4 ደረጃ አላቸው። ደረጃዎቹን 3 ወይም 5 ያላደረግኳቸው ስጠራጠር መሀሉን ይዤ እንዳላልፍ ነው። መሀል ከሌለ ወደ አንዱ ጎን መወሰን ግድ ይሆናል።

1. ሰምቶ መቀጠል (8 ነጥብ፤ ያገኛችሁት ደረጃ በ2 ይባዛል)

ትልቁ ነጥብ እዚህ ነው። አምስት ሰው ተራ በተራ የሸመደደውን ቢያነብ ውይይት አይባልም።

4፦ ሌላው ያለውን በራሱ አባባል መልሶ ይናገራል። ከዚያ የትኛውን ክፍል እንደሚጨምርበት፣ እንደሚያርመው ወይም እንደሚቃወመው ለይቶ ምክንያቱን ይሰጣል።

3፦ ከሌላው ሐሳብ ተነስቶ የራሱን ይጨምራል። ምኑን እንደተቀበለና ምኑን እንዳልተቀበለ ግን አይለይም።

2፦ "እስማማለሁ" ወይም "አልስማማም" ብሎ ያበቃል።

1፦ ሌላው ያለውን ሳይነካ ያዘጋጀውን ብቻ ይናገራል።

ልዩነቱ በምሳሌ ይታይ። ጥያቄው "የቤት ሥራ ይቅር ወይስ ይቀጥል?" ነው እንበል። አንዷ እንዲህ አለች፦ "ቢቀር ይሻላል። ማታ ደክሞን ስለምንሠራው አንዳችን ከሌላው እንገለብጣለን።"

ቀጣዩ፦ "እኔ ግን የቤት ሥራ ጠቃሚ ነው ባይ ነኝ። ትምህርት ያለ ልምምድ አይጸናም።" ንግግሩ ያምራል። ደረጃው ግን 1 ነው። ስለ መገልበጥ አንድም ቃል አልተናገረም፤ እሷ ባትኖርም ይህንኑ ይል ነበር።

ሦስተኛዋ፦ "እኔም እንደሷ ነው የማስበው።" ይህ 2 ነው።

አራተኛው፦ "መገልበጡ የመጣው ከድካም ነው እያልሽ ነው አይደል? እኔ ግን ባለፈው ሒሳብ የገለበጥኩት ደክሞኝ አይደለም፣ ስላልገባኝ ነው። እና የቤት ሥራው ቢቀርም ያልገባኝ ነገር እንዳልገባኝ ይቀራል።" ይህ 4 ነው። ሰምቷታል፣ ያለችውን መልሶ ተናግሯል፣ የማይስማማበትንም ቦታ በጣቱ እንደጠቆመ ያህል አሳይቷል። ንግግሩ መሀል ላይ ቢደናቀፍ እንኳ ደረጃው አይቀንስም።

2. ማስረጃ (4 ነጥብ)

4፦ ማስረጃውን ከየት እንዳገኘው ይናገራል፣ ሐሳቡን እንዴት እንደሚደግፍ ያስረዳል፣ የማይሠራበት ሁኔታ ካለም አይደብቅም። 3፦ ምንጩንና ግንኙነቱን ይናገራል። 2፦ ማስረጃ ይጠቅሳል፤ ከሐሳቡ ጋር ግን አያገናኘውም። 1፦ "ሁሉም የሚያውቀው ነው" በሚል ዓይነት አባባል ያልፋል።

የራስ ገጠመኝ ማስረጃ ይሆናል። ከላይ ሒሳብ የገለበጠው ልጅ ያደረገው እሱን ነው። ግን የአንድ ሰው ገጠመኝ መሆኑን አትርሱ፤ "ስለዚህ ሁሉም ተማሪ እንዲህ ነው" ካላችሁ ከ2 በላይ አልሰጥም።

3. ለሌላው ቦታ መስጠት (4 ነጥብ)

4፦ ያልተናገረን ሰው በሐሳቡ ይጠይቃል ወይም የተቋረጠን ሰው ያስጨርሳል። 3፦ ተራ ይጠብቃል፣ ሲጠየቅም ይመልሳል። 2፦ አልፎ አልፎ ያቋርጣል። 1፦ ደጋግሞ ያቋርጣል፣ ወይም በሰው ሐሳብ ይስቃል።

"አንተስ ምን ትላለህ?" ብቻውን 4 አያስገኝም። "አንተ ቅድም ማስታወሻህ ላይ ስለ ጊዜ ጽፈህ ነበር፣ እሱን ንገረን" ቢባል ግን ያ ሰው የሚነሳበት ነገር ያገኛል።

4. የቡድኑ ማጠቃለያ (4 ነጥብ፤ ለአምስቱም እኩል)

በመጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች አንድ ሰው ቡድኑ የደረሰበትን ይናገራል። መስማማት ግዴታ አይደለም። 4 የምሰጠው የተስማማችሁበት፣ ያልተስማማችሁበትና ያለያያችሁ ምክንያት በትክክል ሲነገር ነው። ምክንያቱ ከቀረ 3፣ የአንድ ወገን ሐሳብ ብቻ ከተነገረ 2፣ ማጠቃለያው ከውይይቱ ጋር ካልተያያዘ 1 ነው። የቡድን ነጥብ ከ20 ውስጥ 4 ብቻ የሆነው አንዱ በለፋበት ሌላው ማርክ እንዳይወስድ፣ የአንዱ ስንፍናም ሌላውን እንዳይጎዳ ነው።

የማይቆጠር ነገር

የድምፅ ከፍታ፣ የአነጋገር ዘዬ፣ የሰዋስው ስህተት፣ ስንት ጊዜ እንደተናገራችሁ። እነዚህ ነጥብ አይጨምሩም፣ አይቀንሱምም።

ሰው ፊት መናገር የሚከብዳችሁ አላችሁ። አውቃለሁ። ያ ጥፋት አይደለም። የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገራችሁን ጽፋችሁ መጥታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። 15ቱም ደቂቃ ያለ አንድ ቃል ካለፈ ዜሮ አልጽፍም፤ የምሰማችሁ ነገር ስላልነበረ ቦታውን ባዶ እተወዋለሁ። ከዚያ ከሌላ ቡድን ጋር ደግማችሁ ትገባላችሁ።

ነጥቡን የምንሰጠው እንዴት ነው?

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሌላ መምህር አብሮኝ ይቀመጣል። ሳንነጋገር ለየብቻ እንሞላለን። በአንድ ተማሪ ላይ በአንዱ መስፈርት ከ1 ደረጃ በላይ ከተለያየን የጻፍነውን እያየን እንነጋገራለን። ልዩነቱ ከመስፈርቱ አጻጻፍ የመጣ ከሆነ መስፈርቱን አስተካክለን ሁለቱን ቡድኖች እንደገና እናርማለን፤ የተስተካከለውንም ለሁላችሁም እሰጣለሁ።

የማርመው በመስፈርት ነው፤ መጀመሪያ የአምስቱንም "ሰምቶ መቀጠል"፣ ቀጥሎ የአምስቱንም "ማስረጃ"። ልጅ በልጅ ባርም አንድ ጥሩ ንግግር የሰማሁለት ተማሪ በሌላው መስፈርትም ጥሩ መስሎ ይታየኛል።

ከእያንዳንዱ ደረጃ ጎን ያላችሁትን ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ቅሬታ ካላችሁ ውጤቱ ከተሰጠ በ3 ቀን ውስጥ ኑ። የጻፍኩትን አሳያችኋለሁ። የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ከሰጠሁት ደረጃ ጋር ካልገጠመ እዚያው ፊታችሁ አስተካክላለሁ።