ምዕራፍ ሁለት፦ የጥናቱ ፅንሰ ሐሳባዊ ማዕቀፍ

ጥናቱ ደሴ ከተማ ውስጥ በሁለት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ ትምህርት ያላቸውን ተነሳሽነትና ተሳትፎ ይመለከታል። መነሻው አንድ የክፍል ትዝብት ነው። መምህሩ x² − 5x + 6 = 0 ብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ወዲያው (x − 2)(x − 3) = 0 ብላ ደብተሯ ላይ ጨረሰች። መምህሩ ግን በቀመር ሠራው። መልሱ ያው 2 እና 3 ነው። ልጅቷ የራሷን ሰርዛ የሰሌዳውን ገለበጠች።

2.1 ሦስቱ ፍላጎቶች

ራስን በራስ የመወሰን ንድፈ ሐሳብን ያዳበሩት ኤድዋርድ ዴሲ እና ሪቻርድ ራያን ናቸው። ሰው ለመማር ከውስጡ እንዲነሳሳ ሦስት ሥነ ልቡናዊ ፍላጎቶቹ መሟላት አለባቸው ይላሉ፦ ራስ ገዝነት፣ ብቃት እና ቁርኝት። ብቃት ሲባል "ይሄን እችለዋለሁ" የሚለው ስሜት ነው። ቁርኝት ደግሞ በመምህሩና በጓደኞቼ ዘንድ ቦታ አለኝ ማለት ነው።

ራስ ገዝነት ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን መምህራን ስንሰማው ተማሪን መረን መልቀቅ ይመስለናል። ከኩታበር መጥቶ ደሴ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቁን ከቤተሰቡ የሚያመጣ ልጅ እንውሰድ። "ለእናቴ ስል ነው የማጠናው" ቢል ራስ ገዝነት የለውም ማለት አይቻልም። ምክንያቱን አምኖበት የራሱ ካደረገው በፈቃዱ እየተማረ ነው። እናቴን አሳፍራለሁ በሚል ጭንቀት ብቻ ከሆነ ግን ገፊው ኀፍረት ነው። መጠይቁ ሁለቱን ለየብቻ ይለካል።

2.2 ተሳትፎ

ፍሬድሪክስና ባልደረቦቿ በ2004 እ.ኤ.አ. ተሳትፎን ባህሪያዊ፣ ስሜታዊና አእምሯዊ ብለው ከፍለውታል። ሪቭና ሴንግ በ2011 እ.ኤ.አ. አራተኛ ጨመሩ፦ ተማሪው ሐሳብ እያቀረበና እየጠየቀ ትምህርቱን ራሱ መቅረጹ። ያቺ ልጅ በባህሪ ብትለካ አንደኛ ናት፤ ዝም ብላ ጽፋለች። "ቲቸር፣ በሌላ መንገድም ይመጣል" የሚለው ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። ይህ ጥናት አራተኛውን የያዘው በእሷ ምክንያት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

2.3 ትስስሩ

የመምህሩ ድጋፍ ፍላጎቶቹን ያሟላል፤ የተሟላ ፍላጎት ተነሳሽነትን ያሳድጋል፤ ተነሳሽነት ተሳትፎን። ቀስቱ ወደ ኋላም ይመለሳል፤ የሚጠይቅ ተማሪ መምህሩንም ይለውጣል። የ8ኛ ክፍል የሒሳብ ውጤትና የእንግሊዝኛ ችሎታ እንደ መቆጣጠሪያ ተለዋዋጭ ገብተዋል። በእንግሊዝኛ የቀረበለትን ጥያቄ ማንበብ ያቃተው ልጅ ሒሳብ አልችልም ብሎ ሊደመድም ይችላልና።

የአንድ ለአምስት ቡድን መኖሩ ብቻውን እንደ ቁርኝት አልተቆጠረም። አንዱ ሠርቶ አራቱ የሚገለብጡበት ቡድን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ መጠይቁ "ቡድን አለህ ወይ?" አይልም። "ጥያቄው ሲያቅትህ መጀመሪያ ማን ጋ ትሄዳለህ?" ይላል።