ከጣና ዳር ለሙሽሮቹ የተላከ የዝማሬና የምርቃት ቪዲዮ ንግግር

(ንጋት፤ የጣና ዳርቻ። መዘምራኑ ልብሰ መዝሙር ለብሰው ቆመዋል። ከበስተኋላቸው የደንገል ታንኳ ያልፋል። ከበሮው በዝግታ ይመታል።)

የመዘምራን መሪ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ወንድማችን ዮናስ፣ እኅታችን ሰላማዊት፣ በባሕር ዳር ያለን የደብራችሁ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ እንላለን። ተክሊሉን የሚያደርሱላችሁ በቶሮንቶ ያሉት አባቶች በመሆናቸው የእኛ ድርሻ ዝማሬና የወንድም፣ የእኅት ምርቃት ነው። እናንተ ማለዳ ቅዳሴ ስታስቀድሱ እዚህ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ እኛም በዚያው ሰዓት በአዳራሻችን ተሰብስበን እንጸልያለን። ጥር 12 ቀን የቃና ዘገሊላን በዓል ስናከብርም፣ ታቦቱን በዝማሬ አጅበን ከመለስን በኋላ፣ በማኅበር ጸሎታችን ስማችሁን አንሥተናል።

(ካሜራው ወደ ከበሮው ይጠጋል፤ በአንድ ጎኑ ያለው ጠፍር ከሌላው ይልቅ አዲስ ነው።)

ከበሮ መቺው፦ ዮናስ፣ ይህን ጠፍር ከመሄድህ በፊት አንተ የቀየርከው ነው፤ እስከ ዛሬ አልላላም። በየመርሐ ግብሩ አንሥተን ባሰርነው ቁጥር እናነሣሃለን።

ከሴት መዘምራን አንዷ፦ ሰላምዬ፣ በእጅሽ የጻፍሽው የመዝሙር ደብተር ገጾቹ በሻማ ጠብታ ቢነካኩም አዲስ የሚገቡት ልጆች ዛሬም የሚያጠኑት ከእርሱ ነው። አንቺ ግን ግጥሙን በቃልሽ ስለምታውቂው፣ ከእኛ ጋር ለመዘመር ደብተር አያስፈልግሽም!

(ሁሉም በጽናጽልና በከበሮ ይዘምራሉ።)

መዘምራን፦
ሃሌ ሉያ፣ በቃና ሰርግ ቤት የታደመው ጌታ፣
ቤታችሁን ይሙላው በፍቅር በደስታ።
የአብርሃምን ድንኳን የጎበኘ ሥላሴ፣
ከጎጇችሁ አያጥፋ ጸሎትና ውዳሴ።

መሪጌታ፦ ልጆቼ፣ ጌታችን በቃና ሰርግ በተገኘ ጊዜ የወይን ጠጁ ማለቁን አስቀድማ የተመለከተችው እናቱ ናት፤ በቤታችሁ የሚጎድል ነገር ሲኖርም እርስ በርሳችሁ ከመወቃቀሳችሁ በፊት በጸሎት ወደ እርሷ ብትሄዱ፣ ልጇን ትለምንላችኋለች። ኑሮው በሰው አገር እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ከሥራ ፈረቃ ብዛት የተነሣ ሳትገናኙ የምታድሩበት ሌሊት ይኖር ይሆናል፤ ቢሆንም ቅዳሴውንና የንስሐ አባታችሁን አትተዉ። እግዚአብሔር እንደ አብርሃምና ሣራ፣ እንደ ይስሐቅና ርብቃ ያድርጋችሁ።

መዘምራን፦ አሜን!

(ከዘጌ የመጡት የሙሽራዋ አያት በወንበር ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን ይዘው።)

እማማ፦ ሰላሜ፣ የኔ እናት፣ አንተም ልጄ ዮናስ፣ መንገዱ ሩቅ ሆኖብኝ ነው እንጂ መጥቼ ጉልበቴን ባስሳምኳችሁ ነበር። ውለዱ፣ ክበዱ። እህል ውኃችሁ ይባረክ፤ የጠላት ዓይን አይያችሁ። የወለዳችሁትን ይዛችሁ ኑልኝ፤ በዓይኔ አይቼ ልመርቀው።

ሁሉም፦ አሜን! ይሁን! ይደረግ!

(እልልታና ጭብጨባ፤ ከበሮው ይፈጥናል።)